አንድ የሳይን ሠንጠረዥ በሁለት መውጫ፦ የሬዚስተር መሰላልና የተጣራ ፒደብሊውኤም ጎን ለጎን

ከማይክሮኮንትሮለር የሳይን ሞገድ ማውጣት የሚፈልግ ሰው፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የዲጂታል ወደ አናሎግ መቀየሪያ ቺፕ በእጁ ከሌለ፣ ሁለት መንገዶች ይቀርቡለታል። አንደኛው የስምንት ፒኖችን ውጤት በሬዚስተር መሰላል አማካይነት ወደ አንድ ቮልቴጅ ማጠቃለል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአንድ ፒን ላይ የምቱን ስፋት እየለዋወጡ፣ ማለትም በፒደብሊውኤም፣ አውጥቶ ውጤቱን በማጣሪያ ማለስለስ ነው። እኔ የድምፅ ማጉያዎችን የምፈትሽበት የ1 ኪሎሄርዝ ምንጭ ያስፈልገኝ ስለነበር፣ ሁለቱም መንገዶች ከአንድ ሠንጠረዥ፣ በአንድ ቺፕ ላይ፣ በአንድ ጊዜ እንዲሠሩ አድርጌ ጎን ለጎን ለካኋቸው። ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ሁለቱ መንገዶች ሞገዱን የሚያበላሹበት ምክንያት ፍጹም የተለያየ መሆኑን፣ ልዩነቱም በሚፈጠሩት ሃርሞኒኮች፣ ማለትም ድግግሞሻቸው የሳይኑ ብዜት በሆነ ተጨማሪ ሞገዶች፣ ላይ በግልጽ የሚነበብ መሆኑን ማየቴ ነው። የመሰላል ጉድለት ጎዶሎ ሃርሞኒኮችን ይወልዳል፤ የፒደብሊውኤም ጉድለት ደግሞ በመጀመሪያ ሁለተኛውን ሃርሞኒክ ይወልዳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ስህተቱን በተሳሳተ ቦታ ሲፈልግ አይውልም።

የተጠቀምኩበት ቺፕ በ16 ሜጋሄርዝ የሚሠራ ኤትሜጋ 328ፒ ነው። ስምንት ቢት ያለው ታይመር ሁለት በፈጣን ፒደብሊውኤም ስልት ያለ ምንም ማካፈያ ሲሠራ ከ0 እስከ 255 ቆጥሮ እንደገና ስለሚጀምር፣ በሴኮንድ 16,000,000 ለ256 ሲካፈል የሚገኘውን ያህል፣ ማለትም 62,500 ዙር ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ አንድ ኢንተራፕት ስለሚነሳ የናሙናው ፍጥነትም ይኸው 62,500 ይሆናል፤ በሁለት ናሙናዎች መካከልም 256 የሰዓት ምቶች ይኖሩናል። ከሠንጠረዥ አንድ ዋጋ አንብቦ ለማውጣት ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ሠንጠረዡን ያዘጋጀሁት በኮምፒውተር ላይ በሚከተለው አጭር ፕሮግራም ነው።

```python
import math
t = [128 + round(127 * math.sin(2 * math.pi * i / 256))
     for i in range(256)]
print(sum(t), t[0], t[64], t[128], t[192])
print(", ".join(map(str, t)))
```

እዚህ ላይ ሦስት ምርጫዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸውም ምክንያት አላቸው። የመጀመሪያው ማካፈያው 256 እንጂ 255 አለመሆኑ ነው። በ255 ቢካፈል የመጨረሻው ዋጋ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ይሆንና ሠንጠረዡ ሲዞር ያው ነጥብ ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ በሞገዱ ላይም በየዑደቱ አንድ ትንሽ ሜዳ ይታያል። መነሻውንና መድረሻውን አብረው የሚጨምሩ የቁጥር ማዘጋጃ ትእዛዞች ይህን ስህተት ሳይታወቅ ያስገባሉ። ሁለተኛው ወርዱ 127.5 ሳይሆን 127 መሆኑ ነው፤ በዚህ ምክንያት ዋጋዎቹ ከ1 እስከ 255 ሆነው በ128 ዙሪያ ሙሉ በሙሉ ሚዛናዊ ይሆናሉ፤ አንድ ዋጋ ከግማሽ ዙር በኋላ ከሚመጣው ጓደኛው ጋር ሲደመር ምንጊዜም 256 ይሰጣል። ሦስተኛው ክፍልፋዩ በ`round` መጠጋጋቱ ነው። በምትኩ በ`int` ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ አወንታዊውም አሉታዊውም ወደ ዜሮ ስለሚሳብ ሞገዱ መሃሉን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ይሰበራል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያው መስመር ላይ 32768፣ 128፣ 255፣ 128 እና 1 ማተም አለበት። ድምሩ 256 ጊዜ 128 ስለሆነ ከ32768 የተለየ ቁጥር ከወጣ ሠንጠረዡ ሚዛኑን ስቷል ማለት ነው፤ ወደ ቺፑ ከመጫኑ በፊት እዚያው ይታረም።

ሠንጠረዡን በምን ፍጥነት እንደምናነበው የሚወስነው ባለ 32 ቢት የምዕራፍ ማጠራቀሚያ ነው። በእያንዳንዱ ናሙና ላይ አንድ ቋሚ እርምጃ ይደመርበታል፤ ከዚያ የላይኛዎቹ ስምንት ቢቶች ብቻ ተወስደው የሠንጠረዡ ቁጥር ይሆናሉ። ሙሉው 32 ቢት ሞልቶ ሲፈስ አንድ የሳይን ዑደት ተጠናቀቀ ማለት ነው። ስለዚህ ለ1000 ሄርዝ የሚያስፈልገው እርምጃ 1000 ጊዜ 4,294,967,296 ለ62,500 ተካፍሎ 68,719,476.7 ይሆናል፤ ይህም ወደ 68,719,477 ይጠጋጋል። ማጠራቀሚያውን ባለ 16 ቢት ማድረግ ጊዜ ይቆጥባል፤ ነገር ግን እርምጃው 1049 ስለሚሆን የሚወጣው ድግግሞሽ 1000.4 ሄርዝ ነው፤ ከአንዱ እርምጃ ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀትም ወደ 1 ሄርዝ ይጠጋል። ጊዜው ስላለን 32 ቢቱን መጠቀም ይሻላል።

ሠንጠረዡ በፍላሽ ማህደር ውስጥ `sine` በሚል ስም ከተቀመጠ፣ ሙሉው የኢንተራፕት ሥራ ይህን ያህል ነው።

```c
static uint32_t phase;
static uint32_t step = 68719477UL;
static uint8_t  next = 128;

ISR(TIMER2_OVF_vect) {
    PORTD = next;
    OCR2A = next;
    phase += step;
    next = pgm_read_byte(&sine[phase >> 24]);
}
```

በዋናው ክፍል ውስጥ ያለው ማዘጋጃም አጭር ነው።

```c
UCSR0B = 0;
TIMSK0 = 0;
DDRD  = 0xFF;
DDRB |= (1 << PB3);
TCCR2A = (1 << COM2A1) | (1 << WGM21) | (1 << WGM20);
TCCR2B = (1 << CS20);
TIMSK2 = (1 << TOIE2);
sei();
```

በኢንተራፕቱ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። አዲሱን ዋጋ አስልቶ ወዲያው ከማውጣት ይልቅ፣ ባለፈው ዙር የተዘጋጀው ዋጋ መጀመሪያ ይወጣል፤ የቀጣዩ ስሌት ከዚያ በኋላ ይመጣል። ምክንያቱም `PORTD` ላይ የተጻፈ ነገር በዚያው ቅጽበት በፒኖቹ ላይ ስለሚታይ፣ ከመጻፉ በፊት ያለው ጊዜ አንዴ ከረዘመ አንዴ ካጠረ ናሙናዎቹ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ። `OCR2A` ግን ድርብ መያዣ አለው፤ የተጻፈበትን ዋጋ ይዞ ይቆይና ታይመሩ በተወሰነለት ነጥብ ላይ ሲደርስ ብቻ ይቀበለዋል። ስለዚህ ኢንተራፕቱ ትንሽ ቢዘገይም የፒደብሊውኤሙ መውጫ አይናወጥም፤ የመሰላሉ መውጫ ግን ይናወጣል። ይህ ለፒደብሊውኤም የሚቆጠርለት፣ ብዙ ጊዜ ግን የማይነገርለት ጥቅም ነው።

`TIMSK0 = 0` የሚለው መስመር የገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአርዱዊኖ አካባቢ ለሚሠራ ሰው ታይመር ዜሮ ጊዜ ለመቁጠር በሴኮንድ 976.6 ጊዜ ገደማ የራሱን ኢንተራፕት ያነሳል። የዚያ ሥራ ከእኛው ጋር ሲገጥም የእኛው ጥቂት ማይክሮሴኮንድ ይጠብቃል። የሳይኑ ድግግሞሽ 1000 ሄርዝ በመሆኑ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 23.4 ሄርዝ ነው፤ በኦሲሎስኮፕ ላይም አንድ ትንሽ ጉድፍ በሞገዱ ላይ እየተጓዘ ያልፋል። ጉድፉ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ሰው በሠንጠረዡ ወይም በሬዚስተሮቹ ሊጠረጥር ይችል ነበር፤ መጓዙ ግን ምንጩ ከሳይኑ ጋር ያልተያያዘ ሌላ ሰዓት መሆኑን ይነግረናል። ኢንተራፕቱን ማጥፋት `delay` እና `millis` እንዳይሠሩ ያደርጋል፤ ለምልክት ምንጭ ይህ ጉዳት የለውም። ዋናው ክፍል የቀረ ሥራ ከሌለው ቺፑን ማስተኛት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከእንቅልፍ የሚነቃበት ጊዜ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ የመጨረሻዋ የአንድ ምት መንቀጥቀጥ እንኳ ትጠፋለች።

ስምንቱም ቢቶች በአንድ ፖርት ላይ መሆናቸው ለመሰላሉ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ቢቶቹ በሁለት ፖርቶች ቢከፈሉ አንዱ ከሌላው በጥቂት የሰዓት ምቶች ቀድሞ ይለወጣል። ዋጋው ከ127 ወደ 128 ሲሸጋገር ስምንቱም ቢቶች ስለሚገለበጡ፣ በመካከሉ ከእውነተኛው ዋጋ እጅግ የራቀ ቮልቴጅ ለአፍታ ብቅ ይላል፤ ይህም ሞገዱ መሃሉን በሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ ቀጭን እሾህ ሆኖ ይታያል። በተለመደው የአርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ ላይ ሙሉ ስምንት ፒን ያለው ፖርት `PORTD` ብቻ ነው። ሁለቱ ዝቅተኛ ፒኖቹ ከዩኤስቢ መገናኛው ጋር የሚጋሩ ስለሆኑ `UCSR0B = 0` በሚለው መስመር መገናኛውን ከፒኖቹ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መሰላሉ እንምጣ። የመሰላሉ አሠራር የሚታወቅ ነው፤ መነሻውን የሬዚስተር ዋጋ አር ብንለው፣ ከእያንዳንዱ ፒን እጥፉ የሆነ አንድ 2አር ሬዚስተር ይወጣል፣ በተከታታዮቹ ነጥቦች መካከል አንድ አር ይገባል፣ በዝቅተኛው ቢት ጫፍ ላይ ደግሞ አንድ 2አር ወደ መሬት ይወርዳል። መውጫው ከፍተኛው ቢት ያለበት ነጥብ ነው፤ ቮልቴጁም የኃይል ምንጩ ቮልቴጅ ጊዜ የቁጥሩ ዋጋ ለ256 ሲካፈል የሚገኘው ነው። በ5 ቮልት አንድ እርምጃ 19.5 ሚሊቮልት ይሆናል። እኔ አርን 10 ኪሎኦም አደረግሁት። ከዚህ በጣም ቢያንስ፣ ለምሳሌ 1 ኪሎኦም ቢሆን፣ የፒኑ የራሱ የውስጥ ተቃውሞ ከ2አር አንጻር የሚናቅ አይሆንም፤ በጣም ቢበዛ ደግሞ መውጫው በቀላሉ በጭነት ይወድቃል፣ ከአካባቢውም ሁካታ ይሰበስባል።

መሰላሉን የሚያሸንፈው ወይም የሚጥለው የሬዚስተሮቹ መመሳሰል ነው። ይህን በቁጥር ማየት ያስፈልጋል። ከመውጫው ሲታይ የከፍተኛው ቢት 2አር በአንድ ወገን፣ የቀረው መሰላል በጠቅላላ ደግሞ እንደ ሌላ 2አር ሆኖ በሌላ ወገን ይቆማል፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ብቻ የከፍተኛው ቢት ክብደት በትክክል 128 ይሆናል። ያ አንድ ሬዚስተር በ1 በመቶ ከፍ ብሎ ሌሎቹ ሁሉ ትክክል ናቸው እንበል። የ128 ዋጋ ወደ 127.36 ይወርዳል፤ የ127 ዋጋ ደግሞ ወደ 127.63 ይወጣል። ማለትም ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር ቮልቴጁ 5 ሚሊቮልት ገደማ ይቀንሳል። በ5 በመቶ ሬዚስተር ይኸው ስህተት ወደ 100 ሚሊቮልት ይደርሳል፤ ይህም በኦሲሎስኮፕ ላይ ሞገዱ መሃል ላይ እንደ ጥርስ ሆኖ በዓይን ይታያል። ስለዚህ ባለ 5 በመቶ ሬዚስተሮችን ከተለያየ ቦታ ሰብስቦ ባለ ስምንት ቢት መሰላል መሥራት አይመከርም፤ ስምንት ቢት ቢባልም ውጤቱ የአራት ወይም የአምስት ቢት ያህል ነው።

መፍትሔው ውድ ሬዚስተር ብቻ አይደለም። ከአንድ ጥቅል የወጡ ሬዚስተሮች ከተጻፈባቸው ዋጋ ቢለያዩም እርስ በርሳቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተፈቀደላቸው ልዩነት እጅግ ይቀራረባሉ። መሰላሉ የሚፈልገው ደግሞ ትክክለኛ 10 ኪሎኦም ሳይሆን ትክክለኛ የአንድ ለሁለት ምጣኔ ነው። ስለዚህ እኔ 20 ኪሎኦም አልተጠቀምኩም፤ እያንዳንዱን 2አር ሁለት ባለ 10 ኪሎኦም፣ 1 በመቶ ሬዚስተሮችን በተከታታይ አገናኝቼ ሠራሁት። ለዘጠኙ 2አር አሥራ ስምንት፣ በመካከል ለሚገቡት አሮች ሰባት፣ በድምሩ 25 ሬዚስተሮች ያስፈልጋሉ። ሁሉንም በመልቲሜትር ለክቶ፣ እጅግ የሚቀራረቡትን ለከፍተኛዎቹ ሁለት ቢቶችና በመካከላቸው ላለው አር ማስቀረት ነው። ስህተት በዝቅተኛዎቹ ቢቶች ላይ ቢያርፍ ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ ምንም አይሰማም።

መሰላሉ ተሠርቶ ሲያልቅ ሳይኑን ከማስነሳት በፊት በቋሚ ቁጥሮች መፈተሽ ብዙ ድካም ያድናል። በ`PORTD` ላይ 128፣ 64፣ 32 እያሉ እስከ 1 በየተራ ጽፎ መውጫውን መለካት ነው፤ በ5.00 ቮልት 2.500፣ 1.250፣ 0.625 እያለ በየጊዜው በግማሽ መውረድ አለበት። ከዚያ 127ን እና 128ን ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ 2.480 እና 2.500 ካልሆኑ፣ በተለይም ሁለተኛው ከመጀመሪያው ካነሰ፣ ችግሩ በከፍተኛው ቢት ክንድ ላይ ነው። አንድ ቢት ጨርሶ ለውጥ ካላመጣ ወይም ሁለት ቢቶች ተመሳሳይ ቮልቴጅ ከሰጡ ደግሞ የብየዳ ወይም የፒን ቅደም ተከተል ስህተት ነው። የኃይል ምንጩ በትክክል 5 ቮልት ካልሆነ መጀመሪያ እሱን ለክቶ ማባዛት ይገባል፤ መሰላሉ የራሱ የማጣቀሻ ቮልቴጅ ስለሌለው ምንጩ ላይ ያለው ሁሉ፣ የዩኤስቢው ሁካታ ጭምር፣ በመጠኑ ወደ ሳይኑ ያልፋል። ይህ በፒደብሊውኤሙም ላይ እኩል ይሠራል።

የመሰላሉ መውጫ የራሱ ተቃውሞ 10 ኪሎኦም ስለሆነ፣ ማጣሪያ ለመሥራት ከመውጫው ወደ መሬት አንድ ካፓሲተር መስቀል ብቻ ይበቃል። 4.7 ናኖፋራድ ሲሆን የመቁረጫው ድግግሞሽ 3.4 ኪሎሄርዝ ገደማ ይሆናል። መሰላሉ ያለ ማጣሪያም ቢሆን ለሳይኑ ቅርብ የሆነ ደረጃ ደረጃ ሞገድ ስለሚሰጥ፣ በ61.5 እና በ63.5 ኪሎሄርዝ ላይ የሚታዩት የናሙና ጥላዎች እያንዳንዳቸው 40 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ናቸው። ያ አንድ ካፓሲተር ወደ 2 ሚሊቮልት ያወርዳቸዋል፤ ሳይኑ የሚከፍለው ደግሞ 4 በመቶ ብቻ ነው።

በፒደብሊውኤሙ በኩል ሁኔታው ፍጹም ሌላ ነው። የምቱ ስፋት ግማሽ በሚሆንበት ጊዜ የ62.5 ኪሎሄርዙ ተሸካሚ ሞገድ ጫፍ 3.18 ቮልት ነው፤ የምንፈልገው ሳይን ጫፍ ግን 2.48 ቮልት ነው። ልናስወግደው የሚገባው ነገር ልናስቀረው ከምንፈልገው ይበልጣል ማለት ነው። በ4.7 ኪሎኦምና በ10 ናኖፋራድ የተሠራ አንድ ደረጃ ማጣሪያ፣ መቁረጫው ከላይ እንዳለው ያው 3.4 ኪሎሄርዝ ሆኖ፣ ተሸካሚውን ወደ 170 ሚሊቮልት ብቻ ያወርደዋል፤ ይህ ደግሞ የዘጠኝ እርምጃ ያህል ነው፤ በኦሲሎስኮፕ ላይ መስመሩ ወፍራምና ፀጉራም ሆኖ ይታያል። ከዚያ በኋላ በ47 ኪሎኦምና በ1 ናኖፋራድ ሁለተኛ ደረጃ ስጨምር ወደ 9 ሚሊቮልት ወረደ። ሁለተኛው ደረጃ ተቃውሞው በአሥር እጥፍ የበዛው የመጀመሪያውን እንዳይጫነው ነው፤ ሁለቱን እኩል ማድረግ መቁረጫውን ካሰብነው በታች ይጎትተዋል። በዚህ ማጣሪያ ሳይኑ በ1 ኪሎሄርዝ ላይ 9 በመቶ ገደማ ያጣል። እንግዲህ ከተሸካሚው ጥራት አንጻር አንድ ካፓሲተር ያለው መሰላል ሁለት ደረጃ ካለው ፒደብሊውኤም አራት እጥፍ ገደማ ይሻላል።

ሆኖም ይበልጥ ሊታወቅ የሚገባው ነገር በማጣሪያው አይታይም። ሁለቱን መውጫዎች በመከፋፈያ ቀንሼ ወደ ኮምፒውተሩ የድምፅ ካርድ አስገብቼ ስፔክትረማቸውን ሳነጻጽር፣ በፒደብሊውኤሙ ላይ በ2 ኪሎሄርዝ የሳይኑን 2 በመቶ የሚያህል ሃርሞኒክ ቆሞ አየሁ፤ በመሰላሉ ላይ ግን አልነበረም። ሠንጠረዡ አንድ ነው፤ ናሙናው አንድ ነው። ማጣሪያውን ማጠንከርም ከዋናው ሳይን ጋር አብሮ ትንሽ ከማሳነስ በቀር አላጠፋውም፤ ምክንያቱም 2 ኪሎሄርዝ ከምንፈልገው ምልክት ጎን ያለ እንጂ እንደ ተሸካሚው የራቀ አይደለም።

ምክንያቱ በፈጣን ፒደብሊውኤም ምት አቀማመጥ ላይ ነው። በዚህ ስልት ምቱ ምንጊዜም በዙሩ መጀመሪያ ላይ ይነሳል፤ የሚለዋወጠው የሚወድቅበት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠባብ ምት መሃሉ ወደ ዙሩ መጀመሪያ ይጠጋል፤ ሰፊ ምት ደግሞ መሃሉ ወደ ዙሩ አጋማሽ ይሄዳል። በሌላ አነጋገር ሳይኑ ከፍ ሲል ናሙናው ትንሽ ዘግይቶ፣ ዝቅ ሲል ትንሽ ቀድሞ የወጣ ያህል ይሆናል። ሞገዱ በራሱ ከፍታ ልክ በጊዜ ሲንሸራተት አንድ ወገኑ ይዳፋል፤ የዳፋ ሳይን ደግሞ ሁለተኛ ሃርሞኒክ ያለው ሳይን ነው። ሲሰላ የዚህ ሃርሞኒክ መጠን ከዋናው ጋር ሲነጻጸር የፓይ ግማሽ ጊዜ የሳይኑ ድግግሞሽ ለተሸካሚው ድግግሞሽ ተካፍሎ ይሆናል፤ ለ1 እና ለ62.5 ኪሎሄርዝ 2.5 በመቶ ይወጣል። ማጣሪያው ከዚህ ጥቂቱን ሲቀንስ የቀረው የለካሁትን 2 በመቶ ነው። ስምንት ቢት የሚያመጣው የመጠጋጋት ስህተት ከዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነገር ነው፤ ስለዚህ ሠንጠረዡን ወደ አሥር ቢት ማሳደግ ይህን አይፈታውም።

ይህ ሃርሞኒክ ከሌላ ጉድለት የሚለይበት ፈተና ቀላል ነው። ድግግሞሹን በግማሽ ሲያወርዱት ከማጣሪያው በፊት ያለው ምጣኔም በግማሽ ይወርዳል፤ የሠንጠረዡን ወርድ በግማሽ ሲያሳንሱትም እንዲሁ። የመሰላል ስህተት እንዲህ አያደርግም። ሠንጠረዡ በ128 ዙሪያ ሚዛናዊ እስከሆነ ድረስ የከፍተኛው ቢት ስህተት የላይኛውንና የታችኛውን ግማሽ እኩል ስለሚነካ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውንና ሌሎችን ጎዶሎ ሃርሞኒኮች ብቻ ያመጣል፤ ወርዱ ሲቀንስም ስህተቱ መሃል ላይ ባለበት ስለሚቆይ ምጣኔው ይብሳል እንጂ አይሻሻልም። ከድምፅ ካርዱ ጋር በተያያዘ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ በ48 ኪሎሄርዝ የሚያነብ ካርድ ተሸካሚውን ሊያይ አይችልም፤ ስለዚህ ስፔክትረሙ ንጹሕ መሆኑ ማጣሪያው በቂ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ለሃርሞኒኮቹ ካርዱ፣ ለተሸካሚው ኦሲሎስኮፑ ያስፈልጋል።

የሁለተኛው ሃርሞኒክ መድኃኒት የታይመሩን ስልት መለወጥ ነው። `WGM21` ከ`TCCR2A` ላይ ሲነሳ ታይመሩ ወደ ምዕራፍ ትክክለኛ ስልት ይገባል፤ ወደ ላይ ቆጥሮ እንደገና ወደ ታች ይቆጥራል። ምቱ ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ ስለሚሰፋና ስለሚጠብ መሃሉ ከቦታው አይነቃነቅም፤ አዲሱ ዋጋም የሚገባው ከላይኛው ጫፍ ላይ ስለሆነ ሁለቱ ጎኖች ምንጊዜም የአንድ ናሙና ናቸው። ይህን ስለውጥ የ2 ኪሎሄርዙ መስመር ከሁካታው በታች ገባ። ዋጋው ደግሞ አንድ ዙር 510 ምት መፍጀቱ ነው፤ ተሸካሚው ወደ 31,372.5 ሄርዝ ይወርዳል፣ እርምጃውም 136,902,083 መሆን አለበት። እርምጃውን ሳይለውጡ ስልቱን ብቻ መለወጥ 502 ሄርዝ ይሰጣል።

ተሸካሚው ሲቀርብ ማጣሪያው መጠንከር አለበት። ካፓሲተሮቹን ወደ 22 እና ወደ 2.2 ናኖፋራድ ከፍ አደረግኋቸው፤ መቁረጫው ወደ 1.5 ኪሎሄርዝ ወረደ፣ የተሸካሚው ቅሪትም 8 ሚሊቮልት ገደማ ሆነ። ሳይኑ ግን አንድ ሦስተኛውን ያጣል፤ ጫፉ ወደ 1.67 ቮልት ይወርዳል። ድግግሞሹ ቋሚ ለሆነ የፍተሻ ምንጭ ይህ ኪሳራ በማጉላት የሚመለስ ነው። ከ100 ሄርዝ እስከ ብዙ ኪሎሄርዝ ድረስ የሚጓዝ ምንጭ ለሚፈልግ ሰው ግን መጠኑ በየድግግሞሹ ስለሚለያይ አይሆንም፤ እሱ መሰላሉን ይሥራ። በእኔ ግምት የመለያው መስመር ይህ ነው፤ አንድ ቋሚና ዝቅተኛ ድግግሞሽ ከሆነ፣ የሬዚስተር ምርጫ የማይጠይቀውና በአንድ ፒን የሚያልቀው ምዕራፍ ትክክለኛ ፒደብሊውኤም ይበልጣል፤ ሰፊ የድግግሞሽ ክልል ከሆነ ግን 25 ሬዚስተሮችን መለካት ድካሙን ይክሳል።

ክልሉን ማስፋት ለሚፈልግ ሰው ሠንጠረዡም ራሱ ጥቂት መታየት አለበት። ሳይኑ መሃሉን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ በሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ቦታ መራመድ ዋጋውን በ3 ያህል ይለውጣል፤ በአጀማመሩ 128 ቀጥሎ 131 የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ባለ 256 ቦታ ሠንጠረዥ በዚያ አካባቢ ስምንቱን ቢት ሙሉ በሙሉ አይጠቀምባቸውም። በ1024 ቦታ ልዩነቱ ከአንድ በታች ይሆናል፤ ቺፑ 32 ኪሎባይት የፍላሽ ማህደር ስላለው ቦታው አይጠብም። ያኔ ቁጥሩ የሚወሰደው በ`(uint16_t)(phase >> 16) >> 6` ነው። ሩብ ዑደት ብቻ አስቀምጦ ቀሪውን በመገልበጥ ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ማህደሩ እስካለ ድረስ ያንን ውስብስብ ነገር በኢንተራፕት ውስጥ ማስገባት አይታየኝም።

የሁለቱም መውጫዎች ተቃውሞ ከፍተኛ ስለሆነ ቀጥታ ወደ ማጉያ መግቢያ መስጠት አይገባም። የመሰላሉ 10 ኪሎኦም በ10 ኪሎኦም ጭነት ላይ ግማሹን ያጣል፤ የፒደብሊውኤሙ ማጣሪያ ደግሞ ከ50 ኪሎኦም በላይ ስለሆነ ከዚያም ይብሳል። በመካከል በአንድ እጥፍ የሚሠራ ኦፕአምፕ ያስፈልጋል። ለዚህ በየቦታው የሚገኘውን ኤልኤም 358 በ5 ቮልት መጠቀም ለመሰላሉ አይስማማም፤ መግቢያውም መውጫውም ከምንጩ 1.5 ቮልት ገደማ ዝቅ ብሎ ስለሚያበቃ፣ ወደ 4.9 ቮልት የሚወጣው ሳይን ከ3.5 ቮልት ጀምሮ አናቱ ይቆረጣል፣ ታችኛው ግማሽ ግን ጤናማ ይመስላል። ከምንጩ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሠራው ኤምሲፒ 6002 ለሁለቱም መውጫዎች በአንድ ቺፕ ውስጥ ሁለት ክፍሎች ስላሉት ተስማምቶኛል። ከእሱ በኋላ የመሃሉን 2.5 ቮልት የሚያግድ አንድ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ አወንታዊ እግሩ ወደ ኦፕአምፑ ሆኖ፣ እንዲሁም ከካፓሲተሩ ማዶ ወደ መሬት 100 ኪሎኦም ይገባል፤ ሬዚስተሩ ከሌለ መውጫው ላይ ገመድ ሲሰካ ካፓሲተሩ በሚሞላበት ቅጽበት ማጉያው ውስጥ ከባድ ምት ይሰማል።